ያለ ቦታዋ የተቀመጠች ኮማ፦ ሌሊት የሚፈጅ የኮድ ስሕተት እንዴት ይታደናል

ፕሮግራም በመጻፍ ሥራ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ አንዲት ኮማ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ከወንበሬ አላስነሣችኝም። ኮማዋ አልጠፋችም፣ ተደግማም አልተጻፈችም። መቀመጥ ከነበረባት ቦታ አንድ ምልክት ወደ ግራ ተቀምጣ ነበር፤ ችግሩ ይኸው ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ ላሳያችሁ የምፈልገው ያንን ሌሊት ይዤ ነው። ቅደም ተከተሉን የተማርኩት ዘግይቼ ስለሆነ፣ መሄድ የሚገባውን መንገድና እኔ የሄድኩበትን መንገድ አብሬ እተርካለሁ። በተሳሳተው መንገድ ላይ ያየኋቸው ነገሮችም ለሌላ ቀን የሚጠቅሙ ናቸውና።

የምሠራበት ድርጅት የግንባታ ዕቃ የሚያከፋፍል ሲሆን በአምስት ከተሞች ቅርንጫፍ ነበረው። ቅርንጫፎቹ የቀኑን ሽያጭ ይመዘግባሉ፤ እኔ በፓይተን የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም መዝገቡን አንብቦ አንድ ጠቅላላ ድምር ለሒሳብ ክፍል ያቀርባል። ያን ቀን ስድስተኛው ቅርንጫፍ ሐዋሳ ላይ ተከፈተ። ከሥራ መውጫ በፊት የከተማዋን ስም ዝርዝሩ ውስጥ ጨመርኩ። በዚያው እጄ የብር መጠኑ የሚነበብበትን መስመርም አሻሻልኩ። ፕሮግራሙን አስነሣሁት፤ የስሕተት መልእክት የለም፤ ቁጥር አወጣ። ተነሥቼ ልወጣ ስል የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ደወሉ።

«ልጄ፣ ድምሩ ጎድሏል» አሉኝ። «እኔ በእጄ ደምሬ 414,250 ብር ነው ያገኘሁት። ያንተ ፕሮግራም 327,700 ይላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለሥራ አስኪያጁ የማቀርበው ነው።»

«እትዬ፣ አይጨነቁ፤ አሁኑኑ አየዋለሁ» ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ኮዱ ይኸውላችሁ። ከዙሪያው ያለውን ሁለት መቶ የሚያህል መስመር ትቼ ዋናውን ብቻ አምጥቻለሁ። ስሕተቱ እዚህ ውስጥ ነው፤ ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት ተመልከቱት።

```python
BRANCHES = [
    "አዲስ አበባ",
    "አዳማ",
    "ሐዋሳ,"
    "ጅማ",
    "ባሕር ዳር",
    "መቀሌ",
]

total = 0
for row in sales:
    if row["branch"] in BRANCHES:
        total += row["amount"]
```

ያገኛችሁት ትኖራላችሁ። እኔ ግን ያን ሌሊት ይህን ገጽ ስንት ጊዜ ወጥቼ እንደወረድኩበት አላውቅም፤ ዓይኔ ኮማዋ ላይ እያለፈ «ኮማ አለች» እያለ ይመሰክርልኝ ነበር። ስለዚህ የሚቀጥሉት እርምጃዎች በሙሉ ዓላማቸው አንድ ነው፤ ፍለጋውን ከዓይን ላይ አንሥተው ለማሽኑ ማስረከብ።

እርምጃ 1፦ ዳታውን በአንድ ቦታ አቁሙት

መጀመሪያ የሚደረገው፣ ስሕተቱን ያሳየውን ዳታ ቀድቶ ለብቻው ማስቀመጥና ፕሮግራሙን በቅጂው ላይ ብቻ ማስነሣት ነው።

```
cp sales_today.csv /tmp/case.csv
python report.py /tmp/case.csv
```

ሁለት ጊዜ አስነሡት። ሁለቱም ጊዜ ያው ቁጥር ከመጣ ፍለጋው ይጀመራል። የተለያየ ቁጥር ከመጣ ግን ገና የምትፈልጉት ነገር በእጃችሁ የለም፤ መጀመሪያ የሚለዋወጥበትን ምክንያት ፈልጉ።

እኔ ይህን አላደረግሁም። ፕሮግራሙን ሠራተኞች እየጻፉበት ባለው መዝገብ ላይ እየደጋገምኩ አስነሣው ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ አንድ መስመር ቀይሬ ሳስነሣው ድምሩ ከ327,700 ወደ 329,100 ወጣ። መንገዱን ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ በዚያው መስመር ዙሪያ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆፈርኩ። እውነቱ ግን አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ያመሸ ሠራተኛ የ1,400 ብር ደረሰኝ መዝግቦ፣ ተሳስቶ እንደሆነ ሲያውቅ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰርዞታል። ቁጥሩን ያንቀሳቀሰው እሱ ነበር። እኔ የቀየርኩት መስመር ምንም ያመጣው ለውጥ አልነበረም።

እርምጃ 2፦ የጎደለውን ቁጥር አንብቡት

ብዙ ጀማሪ ይህን እርምጃ ይዘለዋል፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። ድምር ሲጎድል ሰው ወዲያው ወደ ኮዱ ይሮጣል፤ የጎደለው ቁጥር ራሱ ግን ስለ ምክንያቱ ብዙ ይናገራል። በእኛ ጉዳይ ክፍተቱ 414,250 ሲቀነስ 327,700፣ ማለትም 86,550 ብር ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ተጠርጣሪዎችን አንድ በአንድ ጠይቁ።

የክፍልፋይ ማጠጋጋት ስሕተት ቢሆን ክፍተቱ በሳንቲም፣ ቢበዛ በጥቂት ብር ይሆን ነበር። 86,550 ብር ከማጠጋጋት አይመጣም። እኔ ያን ቀን የነካሁት የብር መጠን የሚነበብበትን መስመር ስለነበረ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር፤ ቁጥሩን ባነብበው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ነፃ ባወጣሁት።

የሒሳብ ሰዎች ከኮምፒውተር በፊት ጀምሮ የሚያውቁት ሌላ መፈተኛ አለ። ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ከተጻፉ፣ ለምሳሌ 54 በ45 ፋንታ ከገባ፣ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። አንድ ዜሮ ቢጨመር ወይም ቢጎድልም እንዲሁ ነው። 86,550 ለ9 ይካፈላል? አኃዞቹን ደምሩ፦ 8 እና 6 እና 5 እና 5፣ 24 ይሆናል። 24 ለ9 አይካፈልም፤ ስለዚህ አንድ መጠን በተሳሳተ አጻጻፍ ገብቶ ነው የሚለው ግምት ወደቀ። ፈተናው የሚሠራው ለውድቀት ብቻ እንደሆነ ልብ በሉ፤ ለ9 መካፈሉ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

የሚቀረው ሙሉ መዝገቦች ሳይደመሩ ቀርተዋል የሚለው ነው። ይህን ለማየት የየቅርንጫፉ ድምር ያስፈልጋል። ኃላፊዋ በእጃቸው የደመሩበትን ወረቀት ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ልከውልኝ ነበር፤ ያን ያህል ትኩረት ሳልሰጠው ነው ወደ ኮዱ የሮጥኩት። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ አዲስ አበባ 184,300፣ አዳማ 61,250፣ ሐዋሳ 47,900፣ ጅማ 38,650፣ ባሕር ዳር 52,400፣ መቀሌ 29,750። ከእነዚህ ውስጥ ተደምረው 86,550 የሚሰጡት ሐዋሳና ጅማ ብቻ ናቸው። ሁለት ቅርንጫፎች ከነሙሉ ሽያጫቸው ወጥተዋል፤ የቀሩት አራቱ አንድ ብር አልጎደለባቸውም።

ይህን ያወቅሁት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ማወቅ እችል ነበር።

እርምጃ 3፦ የትናንቱን ኮድ በዛሬው ዳታ አስነሡት

ኮዳችሁን በጊት የምትይዙ ከሆነ፣ ገና ያላስመዘገባችሁትን ለውጥ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋችሁ የቀድሞውን ኮድ በቅጂው ዳታ ላይ ማስነሣት ትችላላችሁ።

```
git stash
python report.py /tmp/case.csv
git stash pop
```

የመጨረሻው መስመር ለውጣችሁን ይመልሰዋል። አዲስ የፈጠራችሁትና ጊት ገና የማያውቀው ፋይል ግን በዚህ ትእዛዝ ወደ ጎን አይሄድም፤ እንዲህ ያለ ፋይል ካላችሁ `git stash -u` በሉ።

የትናንቱ ኮድ 366,350 አወጣ። ይህ ትክክል ነው፤ ትናንት ሐዋሳ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም፤ ከ414,250 ላይ የሐዋሳን 47,900 ብትቀንሱ 366,350 ይመጣል። አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። ሐዋሳን ሳልጨምር 366,350፤ ሐዋሳን ስጨምር 327,700። አንድ ቅርንጫፍ ጨምሬ ድምሩ ቀነሰ፤ የቀነሰውም በ38,650 ነው፤ ያም በትክክል የጅማ ሽያጭ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አዲሷ አልገባችም፤ ስትመጣ ደግሞ ነባሯን ይዛ ወጣች። አዲስ ነገር ስትጨምሩ ከጎኑ የነበረ ነባር ነገር አብሮ ከጠፋ፣ የሚፈተሸው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ሐዋሳና ጅማ ጎረቤት ናቸው። ይህን ሁለት ነገር አንድ ላይ ያየ ሰው ከስሕተቱ የሚርቀው በአንድ መስመር ብቻ ነው።

የለውጡን ዝርዝር ራሱን በ`git diff` ማየትም ይቻላል። እንዲህ ይመጣል፦

```diff
     "አዳማ",
+    "ሐዋሳ,"
     "ጅማ",
```

እኔ ይህንንም አይቼው ነበር፤ የታየኝ ግን አንድ መስመር መጨመሩ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ደግሞ የብር መጠን የሚነበብበት ለውጥ በብዙ መስመር ተዘርግቶ ስለነበረ ዓይኔ ወደዚያ ሄደ። ሁለቱን ለውጦች ለየብቻ አስመዝግቤ ቢሆን ኖሮ አንዱን ብቻ መልሼ ማየት እችል ነበር። ሁለት የማይገናኙ ለውጦችን በአንድ ላይ አታስመዝግቡ የምለው ለዚህ ነው፤ ሌሊት ላይ አንዱ ለሌላው መደበቂያ ይሆናል።

ሦስት ሰዓት የወሰደብኝ ጥርጣሬ

ከእርምጃዎቹ ወጣ ብዬ ይህን መናገር አለብኝ፤ በአማርኛ ዳታ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይደርስበታልና። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የጎደለችው ሐዋሳ እንደሆነች ገመትኩ። ግምቱ ግማሽ ልክ ነበር። ወዲያውም ምክንያቱን ያወቅሁ መሰለኝ፦ የከተማዋን ስም አንዱ ሐዋሳ፣ ሌላው ሀዋሳ፣ ሦስተኛው አዋሳ ብሎ ይጽፈዋል። እኛ ስናነብ «ሐ» እና «ሀ» አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ምልክቶች ናቸው። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ላይ «ሀ» ቁጥሯ በሄክሳዴሲማል አጻጻፍ 1200፣ «ሐ» 1210፣ «ኀ» ደግሞ 1280 ነው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «አ» እና «ዐ» ላይም ነገሩ ያው ነው። የዩኒኮድ የማስተካከያ ደንቦችም እነዚህን አያዋሕዱም፤ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ከፈለጋችሁ ደንቡን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ስለዚህ ጥርጣሬው ሞኝነት አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ የሚገኝ ጥርጣሬ ነው። የሚፈተሽበት መንገድም አጭር ነው፤ ከመዝገቡ የመጣውንና በኮዱ ውስጥ ያለውን ስም ወደ ቁጥር ለውጦ ማስተያየት።

```python
for c in row["branch"]:
    print(c, hex(ord(c)))
```

ከመዝገቡ የመጣው ስም ይህን ሰጠ፦

```
ሐ 0x1210
ዋ 0x12cb
ሳ 0x1233
```

በኮዴ ውስጥ የጻፍኩት ሐዋሳም በ1210 የምትጀምር ነበረች። በመዝገቡ ውስጥ ያሉት አሥራ አንዱም የሐዋሳ መስመሮች እንዲሁ። ጥርጣሬው እዚህ ላይ መሞት ነበረበት። እኔ ግን ስለወደድኩት አልለቀቅሁትም፤ የማይታይ ክፍት ቦታ ይኖር ይሆናል፣ የፋይሉ አቀማመጥ ይሆናል እያልኩ ስሞችን የሚያጠራ ኮድ ስጽፍ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ቆየሁ። ጽፌ ስጨርስ ድምሩ ያው 327,700 ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ተጠርጣሪ ስይዝ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ይህ ምክንያት እውነት ከሆነ የጎደለውን በሙሉ ያስረዳል? የሐዋሳ አጻጻፍ የጅማን መጥፋት አያስረዳም። የጅማን ስም ማንም አልነካውም፤ ትናንትም በትክክል ተደምሯል። ከጎደለው ግማሹን ብቻ የሚያስረዳ ምክንያት ብዙ ጊዜ ሌላ ስሕተት ነው ወይም ስሕተት አይደለም፤ የምንፈልገው ግን አይደለም።

እርምጃ 4፦ መንገዱን ለሁለት ክፈሉት

ዳታ ከፋይል ተነሥቶ ድምር እስኪሆን የሚያልፍበት መንገድ አለ። በእኛ ፕሮግራም ይነበባል፣ የብር መጠኑ ወደ ቁጥር ይለወጣል፣ በቅርንጫፍ ስም ይጣራል፣ ይደመራል። ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ ከመፈተሽ መሐል ላይ ቆሞ «እዚህ ድረስ ደህና ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ደህና ከሆነ ከመሐሉ በፊት ያለው ሁሉ ነፃ ይወጣል፤ ካልሆነ ከኋላው ያለው። ሁለት መቶ መስመር በዚህ መንገድ ስምንት ጊዜ ቢከፈል አንድ መስመር ላይ ይደርሳል።

ከማጣሪያው በፊትና በኋላ የመስመሮቹን ብዛትና ድምር አሳተምኩ።

```python
kept = [r for r in sales if r["branch"] in BRANCHES]
print(len(sales), sum(r["amount"] for r in sales))
print(len(kept), sum(r["amount"] for r in kept))
```

መልሱ፦

```
96 414250
71 327700
```

ከማጣሪያው በፊት 96 መስመሮችና ልክ የኃላፊዋ ድምር፤ ከማጣሪያው በኋላ 71 መስመሮች። ስለዚህ ፋይሉ ደህና ይነበባል፤ የብር መጠኑ በትክክል ይለወጣል፤ ቀን ላይ የነካሁት ያ ረጅም ለውጥም ከነሙሉ ጥርጣሬው ነፃ ወጣ። ሃያ አምስት መስመሮች የሚጠፉት ማጣሪያው ላይ ነው። ማጣሪያው ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የሚያየውም ሁለት ነገር፦ የመዝገቡን ስምና ዝርዝሩን። ስሙን ቀድሜ ፊደል በፊደል ፈትሼዋለሁ። የቀረው ዝርዝሩ ነው።

እርምጃ 5፦ የጻፋችሁትን ትታችሁ ማሽኑ የያዘውን አሳትሙ

የጻፋችሁትን ኮድ ስታነቡ የምታነቡት ልትጽፉ ያሰባችሁትን ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ከኤዲተር ላይ አታንብቡት፤ ፓይተን ራሱ ያሳያችሁ። በዚህ ጊዜ `print` ብቻውን አይበቃም፤ `repr` ጨምሩበት። `repr` እያንዳንዱን ስም በትምህርተ ጥቅስ አጥሮ ስለሚያወጣው ስሙ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ይታያል፤ መጨረሻው ላይ የተደበቀ ክፍት ቦታም ቢኖር ይገለጣል።

```python
print(len(BRANCHES))
for b in BRANCHES:
    print(repr(b))
```

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስክሪኔ ላይ ይህ ወጣ፦

```
5
'አዲስ አበባ'
'አዳማ'
'ሐዋሳ,ጅማ'
'ባሕር ዳር'
'መቀሌ'
```

ስድስት ስሞች የጻፍኩበት ዝርዝር አምስት ይላል። መሐል ላይ «ሐዋሳ,ጅማ» የምትባል፣ በኢትዮጵያ ካርታ ላይ የሌለች ከተማ ተቀምጣለች። ከ96ቱ መስመሮች አንዱም ይህን ስም አይጠቅስም፤ ስለዚህ የሐዋሳ አሥራ አንድ መስመሮችና የጅማ አሥራ አራት መስመሮች ሁሉም ከማጣሪያው ውጪ ቀሩ። ትናንት የዝርዝሩ ርዝመት አምስት ነበር፤ ዛሬም አምስት ነው። ርዝመቱን ብቻ ያየና ስንት መሆን እንዳለበት ያልጠየቀ ሰው በዚህም ይታለል ነበር።

ኮማዋ ወደዚያ እንዴት ገባች?

ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ካልታወቀ ነገ በሌላ ፋይል ውስጥ ይደገማል። ብዙዎቹ ኤዲተሮች የመክፈቻ ትምህርተ ጥቅስ ስትጽፉ የመዝጊያውን ራሳቸው ይጨምሩና ጠቋሚውን በሁለቱ መሐል ያስቀምጡታል። ስሙን ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ጠቋሚውን ከመዝጊያው አልፎ ማውጣትና ኮማውን መጻፍ ይገባል። በአማርኛ ስንጽፍ ግን በመሐል አንድ ሥራ ይጨመራል፤ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ። አለበለዚያ በብዙ የአማርኛ አጻጻፍ የሚወጣው ነጠላ ሰረዝ ይሆናል። እኔ ኪቦርዱን መለስኩ፣ ሐሳቤ እዚያ ላይ ስለነበረ ጠቋሚውን ማውጣት ረሳሁ፣ ኮማውን ጻፍኩ። ኮማዋ ጥቅሱ ውስጥ ቀረች።

ፓይተን ለምን ዝም አለ? ሁለት ጥቅሶች በመሐላቸው ምንም ሳይኖር ጎን ለጎን ወይም በተከታታይ መስመር ላይ በቅንፍ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ፓይተን አንድ አድርጎ ያጣብቃቸዋል። ይህ ከሲ ቋንቋ የተወረሰ፣ ረጅም ጽሑፍን በብዙ መስመር ከፋፍሎ ለመጻፍ የሚያገለግል ሕግ ነው። በጃቫስክሪፕት ቢሆን ይኸው ዝርዝር ወዲያው የአጻጻፍ ስሕተት ተብሎ ይቆም ነበር። የፓይተን ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም ራሱ በ2013 ኮማ በመዘንጋቱ በዚህ ሕግ ምክንያት ግራ ከተጋባ በኋላ፣ ሕጉ ይቅር ይሆን ወይ ብሎ ለሌሎቹ አዘጋጆች ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ብዙ ኮድ ስለሚጠቀምበት ግን ሕጉ እስከ ዛሬ አለ።

በኋላ ላይ ያየሁት ሌላ ነገር፣ ኤዲተሬ ከመጀመሪያው እየነገረኝ ነበር። ጥቅስ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአረንጓዴ፣ ከጥቅስ ውጪ ያለውን ኮማ በነጭ ነው የሚያሳየው። በአምስቱ መስመሮች ላይ ነጭ ኮማ አለ፤ በአንዱ ላይ ኮማዋ አረንጓዴ ናት። ማታ ማታ ዓይን እንዳይደክም ብዬ የስክሪኑን ብርሃን ስለቀነስኩት ልዩነቱ ሊታየኝ አልቻለም። ብርሃኑን ጨምራችሁ ቀለሙን ብቻ፣ ቃሉን ሳታነቡ፣ ከላይ ወደ ታች መመልከት ሰላሳ ሰከንድ የሚወስድ ፍተሻ ነው።

እርምጃ 6፦ አርሙት፣ ከዚያም ዝምታውን አርሙት

ኮማዋን አንድ ምልክት ወደ ቀኝ አወጣኋት። ድምሩ 414,250 ሆነ፤ የዝርዝሩ ርዝመት ስድስት፤ ከማጣሪያው የሚያልፉት መስመሮች 96። ሦስቱንም አዩ፤ ድምሩ ብቻ በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ላፕቶፑን ከዘጋችሁት ግማሹን ሥራ ትታችሁታል። ሌሊቱን የበላው ኮማዋ ብቻ ሳትሆን፣ ፕሮግራሙ የማያውቀውን ቅርንጫፍ ሲያገኝ ምንም ሳይናገር ማለፉም ነበር። 25 መስመሮች፣ 86,550 ብር፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጣለ። ስለዚህ ማጣሪያውን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፦

```python
for row in sales:
    if row["branch"] not in BRANCHES:
        raise ValueError(repr(row["branch"]))
    total += row["amount"]
```

ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስም ከመጣ ፕሮግራሙ ስሙን ተናግሮ ይቆማል። የተሳሳተ ድምር ከሚያቀርብ ምንም ድምር ባያቀርብ እመርጣለሁ፤ ለሒሳብ ክፍል የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ እንዲህ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። በእርግጥ አንዳንድ መስመር ሆን ተብሎ የሚዘለልበት ፕሮግራም ይኖራል፤ እዚያ ደግሞ ስንት መስመር እንደተዘለለ ቆጥሮ ከድምሩ ሥር ማተም ይበቃል።

ኮድ የሚፈትሹ መሣሪያዎችም ይህን ዓይነት መጣበቅ ማሳየት ይችላሉ። `pylint` ለዚህ `implicit-str-concat` የሚባል ማስጠንቀቂያ አለው። ነገር ግን እንደመጣ ሲሠራ የሚያየው በአንድ መስመር ላይ የተጣበቁትን ብቻ ነው፤ የእኔ ስሕተት ሁለት መስመር ላይ ስለነበረ ያልፈው ነበር። በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ይህን መጻፍ ያስፈልጋል፦

```
[STRING]
check-str-concat-over-line-jumps=yes
```

ይህን ስትከፍቱ ረጅም ጽሑፍ ሆን ብላችሁ በብዙ መስመር የከፈላችሁበት ቦታ ላይም ሊጮኽ ይችላል። ጩኸቱ ከበዛባችሁ የከተማ፣ የዕቃና የሠራተኛ ስም የሚዘረዘርባቸውን ፋይሎች ለይታችሁ በእነሱ ላይ ብቻ አስነሡት።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊዋ ገቡ። ወረቀታቸውን ከስክሪኑ አጠገብ አድርገው ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጫፍ እየተከተሉ አነበቡና ከድምሩ ጎን ምልክት አደረጉ። «ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ኮማዋን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ ብለው ሁለቱንም መስመሮች አነበቡ፤ ከዚያ «እኔማ ማታ ደውለህ ብትጠይቀኝ ሐዋሳና ጅማ ናቸው የጎደሉት እልህ ነበር፤ ደምሬ አይቼዋለሁ» አሉ።

ከሳምንት በኋላ አንድ ምሽት ፕሮግራሙ ድምር ሳያወጣ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ይህ ነው፦

```
ValueError: 'አዋሳ'
```

አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ስሙን እንደለመደው ጽፎት ነው። ቅርንጫፉ ጋ ደወልኩ፤ አስተካከለው፤ እንደገና አስነሣሁት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳይሞላ ቤቴ ገባሁ።